የዓሣ ፊሌቶ እስከ ደጃፍ ማድረስ በሐዋሳ፦ ብድር ከመፈረማችን በፊት አስተያየት ስጡን

የሐይቅ ዳር ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ተወልደን ያደግን ሦስት ጓደኛሞች ነን። ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ አንድ ሥራ ስንሞክር ቆይተናል። አሁን ወደ ባንክ ልንሄድ ስለሆነ ከመፈረማችን በፊት ሌላ ሰው እንዲያየው ፈለግን።

የሐዋሳ ሰው ዓሣ ይወዳል፤ ቤቱ ውስጥ ቅርፊት መፋቅና አጥንት መልቀም ግን አይወድም። እኛ ጠዋት አሞራ ገደል ወርደን ትኩስ ቆሮሶ እንገዛለን፣ ፊሌቶ እናወጣለን፣ በኪሎ አሽገን በረዶ ላይ አድርገን በሞተር ሳይክል ደጃፍ ድረስ እናደርሳለን። ትእዛዝ የሚመጣው በቴሌግራም ነው፣ ክፍያው በቴሌብር። ብድሩ ሲገኝ የራሳችንን መተግበሪያ እናሠራለን።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሙሉ ዓሣ በአማካይ ኪሎውን በ220 ብር እንገዛለን። ግማሹ አጥንትና ጭንቅላት ነው ብለን ብንይዝ ለአንድ ኪሎ ፊሌቶ 440 ብር ይወጣል። ማሸጊያና በረዶ 25፣ ለሞተሩ 60 ብር፤ በጠቅላላው 525። የምንሸጠው በ650 ስለሆነ በኪሎ 125 ብር ይተርፋል። እስከ ፋሲካ 84 ደንበኞች አገኘን፤ ከነዚህ ውስጥ 31ዱ ከአንድ ጊዜ በላይ አዘዋል። ሰዉ ፎቶ እያነሳ ይለጥፍልናል፣ ምስጋናው አይጣል ነው።

የምንጠይቀው ብድር 800 ሺህ ብር ነው፤ ለሁለት ሞተር፣ ለአንድ ትልቅ ማቀዝቀዣና ለመተግበሪያው። ምን ትላላችሁ?

ቡና ጠጡ

እሰይ! እንዲህ ያለ ሐሳብ እስካሁን ሰው ሳይጀምረው መቆየቱ ይገርማል። እኔ ብሆን አንድ ቀን አላድርም። ብቻ ስሙን ቶሎ አስመዝግቡ፤ ይሰርቋችኋል።

ባለቢላዋው

ልጄ፣ ዓሣ እየበለትኩ ነው ያረጀሁት፤ ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ልናገር። ከሁለት ኪሎ ቆሮሶ አንድ ኪሎ ፊሌቶ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ቆሮሶ ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፣ የጎን አጥንቱ ሰፊ ነው። ጭንቅላቱ ሄደ፣ የሆድ ዕቃው ሄደ፣ አከርካሪው ከነጎኑ ሄደ፣ ቆዳውም ሄደ። ደህና ዓሣ በጎበዝ እጅ ሲሠራ ከሦስት ኪሎ አንድ ኪሎ ይወጣዋል። አሁን አሁን ሐይቁ እንደሚሰጠን መዳፍ የምታህል ከሆነች ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ ጀማሪ ቢላዋ የያዘ እንደሆነማ ሥጋው አጥንቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ሌላው ውኃው ነው። ፊሌቶውን አጥባችሁ ሳይጠፈጠፍ የመዘናችሁት እንደሆነ ደንበኛው ውኃ ገዛ። አጠፍጥፋችሁ የመዘናችሁት እንደሆነ የጎደለው ከእናንተ ኪስ ነው። የትኛውን ነው የምታደርጉት?

ግማሽ ያልከውን ከየት አመጣኸው? በሚዛን ነው ወይስ በግምት? ደብተር ካላችሁ ግለጡት። የገዛችሁትን ኪሎ ሁሉ ደምሩ፣ የሸጣችሁትን ኪሎ ሁሉ ደምሩ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ጅምላ ይሻላል

ጋሼ ያሉት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን ነገሩ የሚፈታው በብዛት ነው። በቀን አሥር ኪሎ የሚገዛና በቀን ሁለት መቶ ኪሎ የሚገዛ እኩል ዋጋ አይከፍሉም። ብድሩን ውሰዱ፣ በብዛት ግዙ፣ የመግዣው ዋጋ ይወርድላችኋል፣ ሞተሩም በአንድ ጉዞ አምስት ቤት ያዳርሳል። ትርፍ ከብዛት ነው የሚመጣው።

ባለቢላዋው

የሞተሩ ነገር እውነት ነው፤ አምስት ቤት በአንድ መንገድ ከተገኘ ነዳጁ ይከፋፈላል። የዓሣው ነገር ግን እንደ ስሚንቶ አይደለም። ስሚንቶ ብዙ ስታዝዝ ፋብሪካው ብዙ ያመርትልሃል። ሐይቁ ግን አንተ ብዙ ስለፈለግህ ብዙ አይሰጥም። ጎህ ሲቀድ ወደ አዲስ አበባ የሚጭኑት ነጋዴዎች ቀድመው ይቆማሉ፤ እንደ እነሱ ሁለት መቶ ኪሎ እፈልጋለሁ ያልክ ዕለት ዋጋው የሚወጣው አንተው ላይ ነው። ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሰሞን ደግሞ አስጋሪዎቹ መረባችን ባዶ ወጣ ይሉሃል፤ ያን ቀን ዋጋ መደራደር የለም።

የሐይቅ ዳር ልጅ

ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ደብተሩን አውጥተን ደመርነው። ከሁዳዴ መግቢያ እስከ ፋሲካ ዋዜማ የገዛነው 412 ኪሎ ነው። የሸጥነው ፊሌቶ 139 ኪሎ። አጠፍጥፈን ነው የምንመዝነው፤ የሰው ገንዘብ አንበላም።

ግን አንድ ነገር አልገባንም። ከስረን ከሆነ በቴሌብር ሒሳባችን ላይ ከ90 ሺህ ብር በላይ እንዴት ተጠራቀመ?

መዝገብ ያዥ

ሰላም የሐይቅ ዳር ልጅ። ሐዋሳ ውስጥ የትንንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ሒሳብ እይዛለሁ፤ ይህ የምትለው ነገር በየወሩ ያጋጥመኛል። ልጠይቅህ፦ ዓሣውን ስትገዙ ከየትኛው ገንዘብ ነው የምትከፍሉት? አስጋሪው ቴሌብር ይቀበላል?

የሐይቅ ዳር ልጅ

አይ፣ አስጋሪዎቹ የሚፈልጉት ጥሬ ገንዘብ ነው። መጀመሪያ ሦስታችን ካዋጣነው ነበር የምንከፍለው፤ እሱ ሲያልቅ ደመወዝተኛው ጓደኛችን ከኪሱ ሲያወጣ ቆየ። የቴሌብሩን ለብድሩ መያዣ ይሆነናል ብለን አልነካነውም።

መዝገብ ያዥ

እንግዲያው መልሱ እዚያው አለ። ሽያጩ በአንድ በር ገብቶ ተጠራቀመ፣ ወጪው በሌላ በር ከጓደኛችሁ ኪስ ወጣ፤ ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ ተገናኝተው አያውቁም።

አሁን እናገናኛቸው። 412 ኪሎ በ220 ብር ሲባዛ 90,640 ብር ነው። 139 ኪሎ በ650 ሲባዛ 90,350 ብር ነው። በቴሌብር ያያችሁት ገንዘብ ማለት ዓሣው ራሱ የተገዛበት ገንዘብ ነው፤ እንዲያውም 290 ብር ይጎድለዋል። ማሸጊያው፣ በረዶውና ነዳጁ በኪሎ 85 ብር ሲታሰብ ወደ 12 ሺህ ብር ነው፤ እሱ ንጹሕ ኪሳራ ነው። የሦስታችሁ ጉልበት ደግሞ የትም አልተጻፈም። ነገ አንዱ ጓደኛችሁ ሲያገባ ወይም ሥራ ሲያገኝ ፊሌቶ የሚያወጣ ሰው ቀጥራችሁ ትከፍላላችሁ፤ ያኔ ያ ወጪ ከየት ይመጣል?

በአንድ ኪሎ ስናየው ዓሣው ብቻ ወደ 650 ብር ወስዷል፣ ሌላው 85። በ735 ያዘጋጃችሁትን በ650 ነው የሸጣችሁት። ጅምላ ይሻላል ያለው ወንድማችን ይቅር ይበለኝና፣ በየኪሎው 85 ብር የሚጎድል ሥራ አሥር እጥፍ ሲሆን ጉድለቱም አሥር እጥፍ ይሆናል። ብድሩ ይህን ጉድለት አይዘጋውም፤ ከነወለዱ ያራዝመዋል እንጂ።

ደንበኞቹም ለምን ያን ያህል እንዳመሰገኗችሁ ግልጽ ነው። በየኪሎው 85 ብር እየደጎማችኋቸው ነበር።

ጅምላ ይሻላል

ይቅርታ አያስፈልግም፣ ቁጥሩን ሳላይ ነው የተናገርኩት። ግን ጭንቅላቱና አጥንቱስ? 270 ኪሎ ገደማ ነገር ተጥሏል ማለት ነው። ለሾርባ የሚፈልገው ሰው አይጠፋም፤ ይሸጥ።

ባለቢላዋው

እሱ ጥሩ ነጥብ ነው፤ የዓሣ ሾርባ የሚያወጡ ቤቶች ጭንቅላት ይወስዳሉ። ነገር ግን ከዚያ ውስጥ የሆድ ዕቃውና ቅርፊቱ ለማንም አይሆንም፣ ቀሪውም በርካሽ ነው የሚሄደው። እሱንም ቢሆን በዚያው ጠዋት ካላስረከብከው ይሸታል። የነዳጁን ጥቂት ይሸፍን ይሆናል፤ 85 ብሩን ግን አይሞላም።

ድንኳን ሰባሪ

እኔ የምለው፣ ሁዳዴ ላይ ዓሣ መብላት መቼ ተፈቀደና ነው ይህ ሁሉ ክርክር? አባቶች የሚሉትን ጠይቁ መጀመሪያ።

መዝገብ ያዥ

ወንድሜ፣ የሃይማኖቱን ክርክር ለሚያውቁት እንተወው። አንዱ ይበላል፣ አንዱ አይበላም፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገን የሚበላው መቼ እንደሚበላ ማወቅ ነው። ሳታስበው ግን ልጠይቅ ያሰብኩትን አነሣህልኝ።

የሐይቅ ዳር ልጅ፣ ከ84ቱ 31ዱ ተመልሰው አዘዙ ብለሃል። ቁጥሩ ያምራል፤ ግን የተቆጠረው በሁዳዴ ውስጥ ነው። ሥጋና ወተት የለም፣ ሽሮና ምስር ሰልችቷል፤ ዓሣ የሚበላ ጾመኛ በዚያ ሰሞን አማራጩ ጠባብ ነው። ያ ሰው የተመለሰው እናንተን ወዶ ነው ወይስ ጾሙ ስላላለቀ ነው? ለማወቅ አንድ መንገድ አለ። የ31ዱን ስም ዝርዝር ያዝና ከፋሲካ ወዲህ ማን ማን እንዳዘዘ እይ። አዲስ የመጡትን አትቁጠር። ዘመድ የሆነውን ለይ፤ አክስት ደንበኛ አይደለችም። ቅናሽ ወይም ነፃ ማድረስ ተሰጥቶት ያዘዘውንም ለይ።

አዳማዊው

የራሴን ልንገራችሁ፤ ከእናንተ ተቃራኒ ነው። እኔ አዳማ ላይ ሰው ቆሞበት ዙሪያውን ካሜራ የሚዞርበትን መድረክ ለሠርግ አከራይ ነበር። መጀመሪያ ያመጣሁት ሰሞን ትርፉ ደስ ይል ነበር፤ ዕቃው አንዴ ከተገዛ በኋላ ለአንድ ሠርግ የማወጣው የረዳቱን አበልና የመጓጓዣውን ብቻ ነው። ችግሬ ሙሽራ ተመልሳ አለመምጣቷ ነበር። ተመልሳ እንድትመጣም አይመኙላትም! ለያንዳንዱ ሠርግ አዲስ ሰው ማደን፣ ለማስታወቂያ መክፈል፣ ለአስተዋዋቂ ኮሚሽን መስጠት። ከዚያ ሌሎች ሰዎች ተመሳሳዩን መድረክ ገዙና ዋጋው በግማሽ ወረደ። ትርፉ ያለቀው በዚህ ነው።

አሁን የምኖርበት ሥራ ማንም ፎቶ አንሥቶ የማይለጥፈው ነው። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ ለስብሰባ አዘጋጆች ባነር፣ የስም ባጅና የሥልጠና ጽሑፍ አትማለሁ። ትርፉ በአንዱ ሥራ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ግን ያው ሰው በሚቀጥለው ወር ያንኑ ስልክ ይደውላል። እናንተም የሚደውለውን ሰው ፈልጉ።

ቡና ጠጡ

የሚዞረው ካሜራ ስንት ይገዛል? እህቴ በጥቅምት ታገባለች።

አዳማዊው

የእኔን ልሸጥልህ እችላለሁ፣ አቧራ ጠጥቷል።

የሐይቅ ዳር ልጅ

እህቴ መዝገብ ያዥ፣ ያልሽውን አደረግን። ከ31ዱ ውስጥ ከፋሲካ ወዲህ ባለው ጊዜ ያዘዙት ስድስት ናቸው። ከስድስቱ ሁለቱ የጓደኛችን አክስትና ወንድም ናቸው (እንዴት አወቅሽ?)። አንዱ ምግብ ቤት ነው። የቀሩት ሦስት ቤተሰቦች ናቸው።

ነገር ግን ይህ ፍትሐዊ ፈተና አይመስለኝም። ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሰዉ ሁለት ወር ያህል ያጣውን ሥጋ እየካሰ ነው። በሁዳዴ መቁጠር ካሳሳተን በበዓለ ሃምሳ መቁጠርም ያሳስተናል። የሰኔ ጾም ይግባና ያኔ እንይ።

መዝገብ ያዥ

ይህን እቀበላለሁ፤ ሃምሳው ቀን ከሚገባው በላይ ዝቅ አድርጎ ያሳያችኋል። ግን ሁለት ነገር አስብ። አንደኛ፣ ሞተሩና ማቀዝቀዣው በሃምሳው ቀንም የብድር ክፍያ አላቸው፤ ባንኩ በዓለ ሃምሳ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ሐዋሳ ውስጥ የኦርቶዶክስን ጾም የማይጾም ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ለእነሱ ሁዳዴም ሃምሳም አንድ ነው። ሥራው የጾም ሥራ ብቻ ካልሆነ ከእነሱ ውስጥ በየሳምንቱ የሚያዝዝ ሰው መኖር ነበረበት። ከ84ቱ ውስጥ እነዚህ ስንት ነበሩ? ተመለሱ?

የሐይቅ ዳር ልጅ

ሃይማኖት ጠይቀን አናውቅም፣ አያምርብንም። ግን ከፋሲካ ወዲህ የመጣ ትእዛዝ በጣም ጥቂት ነው። እሑድ እንኳ የለም ማለት ይቻላል።

ከፒያሳ በላይ

እኔ ከ84ቱ አንዷ ሳልሆን አልቀርም፤ የገዛሁት ከእናንተ ይመስለኛል። ልንገርህ ለምን እንዳልተመለስኩ። ዓሣው ንጹሕ ነበር፣ ልጁም ጨዋ። ግን እሑድ ዓሣ ሲያምረን ልጆቹን ይዘን ሐይቅ ዳር እንወርዳለን። ልጆቹ ጉማሬ ታየ አልታየ እያሉ ይጫወታሉ፣ ትኩስ የተጠበሰው ከነጭንቅላቱ ይመጣል፣ በዳጣ እንበላለን። እናንተ ያመጣችሁልኝን እኔው ጠብሼ፣ ቤቱ ሸትቶ፣ መጋረጃ አጥቤ። እኔ የምፈልገው ዓሣውን ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ባለቢላዋው

እሷ ያለችውን ሦስት ጊዜ አንብበው ልጄ። ሐይቁ ሩቅ ለሆነበት ከተማ ፊሌቶ በር ድረስ ማምጣት ትልቅ ነገር ነው። ሐይቁ አጠገቡ ላለ ሰው ግን የምትወዳደረው ከሌላ ፊሌቶ ሻጭ ጋር ሳይሆን ከእሑድ ሽርሽር ጋር ነው።

አንድ ነገር ልጠቁም። ፊሌቶውን ተዉትና ቅርፊቱ የተፋቀ፣ የሆድ ዕቃው የወጣ ሙሉ ዓሣ ሞክሩ። ከኪሎው የሚጠፋው ከአምስት እጁ አንድ እጅ ቢሆን ነው፣ የሥራው ጊዜም ያጥራል። በእርግጥ ይህንኑ ሐይቅ ዳር ያሉ ልጆች በትንሽ ብር ይሠሩታል፤ ስለዚህ ብዙ ማስከፈል አትችሉም። ያ ምግብ ቤት ግን ማነው? ስንት ኪሎ ይወስዳል?

የሐይቅ ዳር ልጅ

ምግብ ቤቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ስድስት ስድስት ኪሎ ነው የሚወስደው። ጓዳቸው ጠባብ ስለሆነ ዓሣ የሚበልቱበት ቦታ የላቸውም።

መዝገብ ያዥ

ስንት ነው የምትሸጥላቸው?

የሐይቅ ዳር ልጅ

ቋሚ ስለሆኑ ቀንሰንላቸው በ620።

መዝገብ ያዥ

ወይ ጉድ። በብዛት የሚመለሰው ብቸኛው ደንበኛችሁ በኪሎ ከመቶ ብር በላይ የምትከስሩበት ነው። እያንዳንዱ «አመሰግናለሁ፣ ነገም አምጡልኝ» እናንተን እያደኸየ ነው።

ብድሩን ለጊዜው አቆዩትና በዚህ ሳምንት አንድ ፈተና ብቻ አድርጉ። ለስድስቱም፣ አክስትን ጨምሮ፣ አዲሱ ዋጋ 900 ብር ነው በሏቸው። በ900 ዓሣው፣ ማሸጊያውና ማድረሻው ወጥቶ 165 ብር ገደማ ይቀራል፤ ከዚያ ላይ የሚበልት ሰው ደመወዝ ይከፈላል። ማብራሪያ አትደርድሩ፣ ይቅርታም አትጠይቁ። ዋጋውን ብቻ ንገሯቸውና ማን እንደሚያዝዝ እዩ።

ጅምላ ይሻላል

900 ብር? በዚህ ዋጋ የበሬ ሥጋ እገዛለሁ ይሉሃል።

መዝገብ ያዥ

ይበሉ። እሱንም ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ አሁን እኮ የሚያውቅ የለም።

የሐይቅ ዳር ልጅ

ውጤቱን ይዤ መጣሁ። ከሦስቱ ቤተሰቦች አንዷ አንድ ኪሎ አዘዘች፤ ልጆቿ አጥንት ስለሚፈሩ ዋጋው ግድ እንደማይሰጣት ነገረችን። ሁለተኛዋ «እስቲ አስባለሁ» አለች፣ ሦስተኛው አልመለሰም። ወንድሙ ሳቀብን። አክስቱ ግማሽ ኪሎ ገዛች፤ እሷን አልቆጠርንም። ምግብ ቤቱ 900 አይሆንም አለ፤ ግን የሚቆይ ስምምነት ፈልጎ 780 አቀረበልን፣ ማድረሻ ቀርቶ ራሱ እየመጣ ሊወስድ። ማድረሻው ከወጣ ወጪያችን 675 ገደማ ስለሆነ በኪሎ ወደ መቶ ብር ይተርፈናል። በሳምንት አሥራ ሁለት ኪሎ ማለት ግን የአንድ ሰው የሳምንት ደመወዝ እንኳ አይከፍልም።

እኛ ሦስታችን አልተስማማንም። አንዱ ጓደኛችን እንደዚህ ጓዳቸው የጠበበ ምግብ ቤቶችን እንፈልግ፣ ሞተሩም መተግበሪያውም ይቅር ይላል። ሌላው እስከ ሰኔ ጾም ይጠበቅ ባይ ነው። እኔ ወደ መጀመሪያው አጋድያለሁ። ባንኩን ለሚቀጥለው ወር አስተላልፈነዋል።

ባለቢላዋው

ምግብ ቤት ስትፈልጉ ትልልቆቹን ሆቴሎች እለፏቸው፤ የራሳቸው በላች አላቸው፣ ከአስጋሪ ማኅበር በቀጥታ ይወስዳሉ፣ የሚከፍሉትም ዘግይተው ነው። ትንንሾቹን በእግር ዞራችሁ ጠይቁ። ስትዋዋሉም በአንድ ዋጋ አትታሰሩ፤ ከዕለቱ የሐይቅ ዳር ዋጋ ጋር አብሮ ይውጣና ይውረድ በሉ። አለበለዚያ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሳምንት መልሳችሁ ትከስራላችሁ።

መዝገብ ያዥ

እስማማለሁ፤ ግን ዋጋው በየቀኑ የሚለዋወጥ ከሆነ ምግብ ቤቱ የምግብ ዝርዝሩን ዋጋ እንዴት ያትማል? ቢያንስ የሳምንት ዋጋ ይሁን።

ባለቢላዋው

የሳምንት ዋጋ የሚያዋጣው ለገዢው ነው። እኔ አልፈርምም።

ታቦር ነዋሪ

ሰላም፣ አሁን ነው ያየሁት። ፊሌቶው በ650 ነው ያላችሁት? ለነገ ሁለት ኪሎ ታቦር ድረስ ታመጡልኛላችሁ?

የሐይቅ ዳር ልጅ

ዋጋው 900 ሆኗል ወንድም። ላምጣ?

ታቦር ነዋሪ

አንድ ኪሎ አድርገው እንግዲያው።